ስድስቱ ሰዓት አንድ ቁራጭ አይደለም፦ ስለ ሩዝና ወጥ ማቀዝቀዝ ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ብዙ ወጥም ሆነ ሩዝ ከእሳት እንደወረደ ከነድስቱ ፍሪጅ ማስገባት በቂ ነው፤ ፍሪጅ የተሠራው ለዚሁ ነው። ፈተናው የሚጠይቀውም በ6 ሰዓት ውስጥ 5 ዲግሪ መድረሱን ነው፤ በመሀል ምን ላይ እንደነበረ ለውጥ አያመጣም። ሰዓቱ ቢያመልጥ እንኳ በማግስቱ እስኪንተከተክ ማሞቅ ባክቴሪያውን ይገድለዋል። ሩዝ ደግሞ ደረቅ ስለሆነ የወጥን ያህል አያሳስብም።»

ከሁለተኛው ነጥብ እንጀምር፤ የቀሩት ስህተቶች የሚወለዱት ከእሱ ነውና።

ስለ ስድስቱ ሰዓት

የምግብ አያያዝ ሰርተፍኬት ፈተናዎች የሚከተሉት ፉድ ኮድ የተባለው የአሜሪካ የምግብ ደህንነት ደንብ ሁለት ገደብ አስቀምጧል። የበሰለ ምግብ ከ57 ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ 21 ዲግሪ በ2 ሰዓት ውስጥ መውረድ አለበት። ከ57 ተነሥቶ 5 ዲግሪ እስኪደርስ ደግሞ በጠቅላላው ከ6 ሰዓት በላይ መውሰድ የለበትም። ቁጥሮቹ በፋራናይት 135፣ 70 እና 41 ናቸው። ሁለተኛውን ገደብ በሰዓቱ የደረሰ ምግብ የመጀመሪያው ካመለጠው ወድቋል።

የአንድ ድስት የሙቀት መመዝገቢያ እንይ። ከቀኑ 8፡00 ላይ 57 ዲግሪ፣ 9፡00 ላይ 41፣ 10፡00 ላይ 30፣ 11፡00 ላይ 21፣ ከምሽቱ 2፡00 ላይ 5 ዲግሪ ይላል። ድምሩ ልክ 6 ሰዓት ነው። ሆኖም 10፡00 ላይ 21 መሆን የነበረበት ወጥ 30 ላይ ነበር፤ ስለዚህ ይህ ድስት አላለፈም። ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ቢፈጥን የጠፋውን ሰዓት አይመልሰውም።

ምክንያቱ ድስቱ ውስጥ ያለው ፍጡር ነው። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባለው ባክቴሪያ ችግር ሲገጥመው ስፖር ይሆናል፤ ስፖር ማለት ጠንካራ ልባስ ለብሶ የተኛ ዘር እንደማለት ነው። ወጥ ሲፈላ ሕያው ባክቴሪያ ይሞታል፣ ስፖሩ ግን ይተርፋል። እንዲያውም ሙቀቱ ይቀሰቅሰዋል። መፍላቱ ሌላም ውለታ ይውልለታል፤ ከወጡ ውስጥ ኦክስጅንን ያባርርለታል፣ ይህ ባክቴሪያ ደግሞ አየር የሌለበትን ቦታ የሚወድ ነው። ተፎካካሪዎቹ ባክቴሪያዎችም በእሳቱ አልቀዋል። ወጡ ከ50 ዲግሪ ገደማ በታች ሲወርድ የነቃው ስፖር መራባት ይጀምራል፤ በ43 እና በ45 ዲግሪ መካከል ደግሞ የሚተካከለው የለም። እዚያ ሙቀት ላይ በተመቸ ምግብ ውስጥ በ10 ደቂቃ ገደማ እጥፍ ይሆናል።

በ10 ደቂቃ እጥፍ የሚሆን ነገር በአንድ ሰዓት ውስጥ ስድስት ጊዜ ይታጠፋል፤ አንዱ 64 ሆነ ማለት ነው። በሁለት ሰዓት ከ4,000 ያልፋል። ስፖሩ እስኪነቃ ጊዜ ስለሚወስድ፣ ሙቀቱም እየወረደ ስለሚሄድ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ያነሰ ይሆናል። ቢሆንም ከላይ ያለው ድስት 9፡00 ላይ የነበረው 41 ዲግሪ ላይ ነው፤ ከባክቴሪያው ምቹ ቦታ አጠገብ ሲንሸራሸር ቆይቷል። ወጡ 21 ዲግሪ ሲደርስ ግን ይህ ባክቴሪያ በጣም ይዘገያል፣ 12 ዲግሪ አካባቢ ደግሞ ይቆማል። ለታችኛው መንገድ ረጅም ጊዜ የተሰጠው ለዚህ ነው። ደንቡ ላይኛውን ክፍል በ2 ሰዓት አጥብቆ ታችኛውን ያላላው በዘፈቀደ አይደለም።

ፈተናው ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት እዚሁ ነው። አንዳንዱ 2 ሰዓትና 4 ሰዓት የተለያዩ ኪሶች ይመስሉታል። ወጡ በአንድ ሰዓት ተኩል 21 ከደረሰ የተረፈው ግማሽ ሰዓት አይጠፋም፤ እስከ 5 ዲግሪ ለመድረስ አራት ሰዓት ተኩል ይቀረዋል፣ ጠቅላላው 6 ነውና። ተቃራኒው ግን አይሆንም፤ ከታችኛው ክፍል ሰዓት ተበድሮ ለላይኛው መስጠት አይፈቀድም።

ሁለተኛው መሰናክል የሰዓቱ መነሻ ነው። ሰዓቱ የሚጀምረው ድስቱ ከምድጃ ሲወርድ ሳይሆን ምግቡ 57 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ከ90 ወደ 57 የሚወርድበት ጊዜ አይቆጠርም፤ ከዚያ ሙቀት በላይ እነዚህ ባክቴሪያዎች አይራቡምና። ይህች ትንሽ የምትመስል ነጥብ ኋላ ስለ በረዶ ስንነጋገር ትጠቅመናለች።

ስለ ፍሪጁ

ጽሑፉ አንድ ነገር አላጠፋም። የበሰለ ምግብ ጠረጴዛ ላይ እስኪበርድ ከሚያድር ፍሪጅ ቢገባ ይሻላል። ትኩስ ነገር ፍሪጅ አይገባም የሚለው የቆየ ብሂል ብዙ ወጥ ጠረጴዛ ላይ አስረስቷል። ስህተቱ «ከነድስቱ» የምትለው ቃል ላይ ነው።

ፍሪጅ የተሠራው ቀዝቃዛን ነገር ቀዝቃዛ እንደሆነ ለማቆየት ነው። ሙቀቱን ከድስቱ የሚወስደው አየር ሲሆን አየር ደግሞ ሙቀት በመሸከም ደካማ ነው። 20 ሊትር ወጥ ከ57 ወደ 21 ሲወርድ የሚለቀው ሙቀት 9 ኪሎ ያህል በረዶ ሙሉ በሙሉ ለማቅለጥ ይበቃል። ይህ ሁሉ በአየር በኩል እንዲወጣ ሲጠበቅ ወጡ ይዘገያል፤ የፍሪጁም ሙቀት ከፍ ይልና አጠገቡ የተቀመጠው ወተትና ሥጋ ከ5 ዲግሪ በላይ ይወጣል። በአንድ ድስት ሰበብ ፍሪጁ ውስጥ ያለው ሁሉ አደጋ ቀጠና ውስጥ ይገባል።

ከፍሪጁ ይልቅ ትልቁ ጉዳይ ውፍረት ነው። ጥቅጥቅ ያለ ምግብ መሀሉ የሚበርደው ሙቀቱ ከመሀል ወደ ዳር ሲጓዝ ነው፤ መንገዱ በእጥፍ ሲረዝም ጊዜው እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል። 10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ወፍራም ወጥ የ5 ሳንቲ ሜትሩን አራት እጥፍ ያህል ይጠብቃል። ዳሩ የቀዘቀዘ፣ እጅ ሲነካው ቀዝቃዛ የሆነ ድስት በማግስቱ ጠዋት መሀሉ ለብ ብሎ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። መሀሉ ሌሊቱን ሙሉ 30 እና 40 ዲግሪ መካከል ሊያድር ይችላል፤ ከውጭ ግን ማንም አያውቅም። ሾርባ የመሰለ ቀጭን ነገር ዳሩ ሲበርድ ወደ ታች እየወረደ ራሱን በራሱ ስለሚያዟዙር ትንሽ ይሻላል። ዱቄት፣ ድንች ወይም ባቄላ ያወፈረው ወጥ ግን እንደ ጭቃ ይቀመጣል።

ለዚህም ነው የተለመደው መመሪያ ለወፍራም ምግብ 5 ሳንቲ ሜትር፣ ለቀጭን 7 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ጥልቀት የሚያዘው። 53 በ32 ሳንቲ ሜትር የሆነ መደበኛ የብረት ትሪ በ5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት 8 ሊትር ገደማ ይይዛል። ስለዚህ 20 ሊትር ወጥ ሦስት ትሪ ላይ ይፈስሳል፣ ከመሙላትም ይተርፋል። ትሪው ብረት ይሁን፤ ፕላስቲክ ሙቀቱን ይይዛል። አንዱ ትሪ በአንዱ ላይ ከተደራረበ ደግሞ ያው ጥልቅ ድስት ተመልሶ ተሠራ ማለት ነው። በየትሪዎቹ መካከል አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይተው፤ ትሪዎቹም የመደርደሪያው አናት ላይ ይቀመጡ፣ ከላያቸው የሚንጠባጠብ ነገር እንዳይኖር።

በረዶው መቼ ይግባ

ትሪ ብቻውን የማይበቃበት ጊዜ አለ፤ ያኔ በረዶ ይመጣል። በረዶ ሲሠራ ውኃም ያስፈልገዋል። በረዶ ብቻውን ድስቱን የሚነካው በጥቂት ነጥብ ነው፣ ክፍተቱ በውኃ ሲሞላ ግን ቅዝቃዜው የድስቱን ጎን ሁሉ ያቅፋል። ወጡ በሁለት ድስት ተከፍሎ የእቃ ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ ይቀመጥ፤ በረዶውና ውኃው ወጡ በደረሰበት ቁመት ልክ ይድረስ እንጂ ከድስቱ ጠርዝ አይለፍ። በየ10 ደቂቃው ወጡ ከመሀል ወደ ዳር ይማሰል። ሳይማሰል የቀረ ወጥ ዳሩ ይበርድና መሀሉን የሚከላከል ልባስ ይሆንለታል። በረዶው ሲቀልጥ ካልተተካ ገንዳው የሞቀ ውኃ ይሆናል። ለ10 ሊትር ወጥ ከ57 ወደ 21 ለማውረድ ብቻ ከ4 እስከ 5 ኪሎ በረዶ ተዘጋጅቶ ቢጠብቅ ስሌቱ ይገጥማል።

ከዚህም የሚቀልል ዘዴ አለ፤ በረዶውን የወጡ አካል ማድረግ። 20 ሊትር ወጥ የሚሠራ ሰው ውኃውን ቀንሶ 15 ሊትር ወፍራም ወጥ ያብስል፤ የቀነሰውን ውኃ ከሚጠጣ ውኃ በተሠራ 5 ኪሎ በረዶ ይተካ። በረዶው የሚገባው ግን መቼ ነው? ወጡ 90 ዲግሪ ሳለ ቢገባ 46 አካባቢ ያደርሰዋል፤ ልክ ባክቴሪያው የሚደሰትበት ቦታ ላይ ጥሎት ይቀራል። ከ90 ወደ 57 የሚወርድበት ጊዜ የማይቆጠር መሆኑን ካስታወስን መልሱ ግልጽ ነው። ወጡ እየተማሰለ በራሱ ወደ 57 እስኪጠጋ ይጠበቅና ያኔ በረዶው ሲገባ 22 ዲግሪ ገደማ ያርፋል። አብዛኛው የአደጋው መንገድ በረዶው እስኪሟሟ ባሉ ደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል። ከዚያ ትሪ ላይ ፈስሶ ፍሪጅ ሲገባ ፍሪጁም የሚችለው ሥራ ይደርሰዋል። ለዚህ ቴርሞሜትር ከእጅ ሊለይ አይገባም፤ ዳሩ 50 ሆኖ መሀሉ 65 ያለ ወጥ 57 ነው አይባልም፣ ሰዓቱም ለዳሩ ተጀምሯል።

ቴርሞሜትሩ ራሱ መታመን አለበት። የተፈጨ በረዶና ጥቂት ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ሲገባ 0 ማለት ይገባዋል። 3 ዲግሪ ዝቅ አድርጎ የሚያሳይ ከሆነ «21 ደርሷል» የተባለው ወጥ በእውነቱ 24 ነው። ሲለካ ጫፉ በወፍራሙ ክፍል መሀል ይሁን፤ የድስቱን ወለል ከነካ የሚያነበው የብረቱን ሙቀት ነው።

ለመጀመሪያው ልኬት 2 ሰዓት እስኪሞላ መጠበቅ ትልቅ ስህተት ነው። አንድ ሰዓት ሞልቶ ወጡ ገና 40 ዲግሪ ከሆነ ቀጣዩ ሰዓት ከመጀመሪያው እንደማይፈጥን አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ ምግቡ ወደ አካባቢው ሙቀት በተጠጋ ቁጥር መውረዱ ይቀዘቅዛልና። በዚያ ሰዓት መከፋፈል፣ በረዶ መጨመር ወይም ወደ ትሪ ማፍሰስ ይቻላል። 2 ሰዓት ሞልቶ 26 ዲግሪ ላይ ከተገኘ ግን የፈተናው ትክክለኛ መልስ «ማቀዝቀዙን መቀጠል» አይደለም። ወይ ወዲያው ለ15 ሰከንድ 74 ዲግሪ እስኪደርስ ሞቆ በሌላ ዘዴ ማቀዝቀዙ ከአዲስ ይጀመራል፣ ወይ ይጣላል። በሌላ ዘዴ የሚለው ላይ እናተኩር፤ በዚያው ድስት መልሶ መሞከር ያንኑ ውጤት ያመጣል። 6 ሰዓት አልፎ 5 ዲግሪ ያልደረሰው ደግሞ ይጣላል።

ስለ ማግስቱ ማሞቅ፣ ስለ ሩዝም

ሦስተኛውና አራተኛው ነጥብ አብረው ይፈቱ፤ ሁለቱንም የሚያፈርሰው ሩዝ ነው።

ማሞቅ ምን እንደሚገድልና ምን እንደማይገድል መለየት ያስፈልጋል። የወጡ ክሎስትሪዲየም በሽታ የሚያመጣው በብዛት ተበልቶ አንጀት ውስጥ መርዙን ሲያመርት ነው፤ በመሆኑም በትክክል 74 ዲግሪ የደረሰ ማሞቅ ሕያዋኑን ይገድላል። እዚህ ላይ ጽሑፉ ግማሽ እውነት አለው። ነገር ግን ድስቱ ዳር ዳሩ ሲንተከተክ መሀሉ ለብ ያለ ሊሆን ይችላል፤ መንተክተኩን ሳይሆን ቴርሞሜትሩን ማመን ይገባል።

ሩዝ ላይ የሚገኘው ባሲለስ ሴሪየስ የተለየ ነገር ነው። የአፈር ባክቴሪያ ስለሆነ ስፖሩ ከእርሻ ከሩዙ ጋር ይመጣል፣ መቀቀልንም ይቋቋማል። ለብ ባለ ሩዝ ውስጥ ሲራባ ሴሪዩላይድ የሚባል የሚያስመልስ መርዝ እዚያው ምግቡ ውስጥ ያመርታል። ይህ መርዝ በ121 ዲግሪ ለ90 ደቂቃ ቢሞቅ እንኳ አይፈርስም። የፈላ ውኃ 100 ዲግሪ ነው፤ የጥብስ መጥበሻም ሩዙን ከዚህ ብዙ አያስበልጠውም። ስለዚህ ባክቴሪያው ቢሞት መርዙ ይበላል። ማስመለሱ የሚጀምረው ከግማሽ ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። መርዙ ሽታም ጣዕምም ስለማይለውጥ ቀምሶ ማወቅ አይቻልም።

በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በእንግሊዝ ይህ በሽታ በተደጋጋሚ ከተጠበሰ ሩዝ ጋር ተያይዞ ታይቷል። ሩዙ ተቀቅሎ ያለ ፍሪጅ ያድራል፣ በማግስቱ ለደንበኛ ለአጭር ጊዜ ይጠበሳል። ፍሪጅ ያልገባውም ቅንጣቶቹ እንዳይጣበቁ ነበር። ጽሑፉ የሚመክረው «ኋላ ማሞቅ» ያኔም ነበረ፤ አላዳናቸውም።

ሩዝ «ደረቅ» የሚመስለው ለእጅ እንጂ ለባክቴሪያ አይደለም። የተቀቀለ ሩዝ ቅንጣት ውኃ የጠጣ፣ አሲድ የሌለበት ስታርች ነው። ከሙቀት አንጻር ደግሞ ከቀጭን ወጥ የባሰ ነው፤ በቅንጣቶቹ መካከል እንፋሎትና አየር ታምቆ እንደ ብርድ ልብስ ይከላከልለታል፣ እንደ ሾርባም ራሱን አያዟዙርም። ትልቅ ድስት ሙሉ ሩዝ መሀል የተቀበረ ቴርሞሜትር ከሰዓታት በኋላም የሚያሳየው ቁጥር ያስደነግጣል።

ሩዝን ለማቀዝቀዝ የሚያስፈልገው ስፋት ነው። ከድስት እንደወጣ በብረት ትሪ ላይ ከ5 ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ይዘርጋ፤ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ከሆነ ደግሞ በጣም ይሻላል። በሹካ ሲበተን የታመቀው እንፋሎት ይወጣል፤ እንፋሎት ሲወጣ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፣ በዚያውም ቅንጣቶቹ አይጣበቁም። ተጨፍልቆ የተዘረጋ ሩዝ ግን ስፋቱ ዋጋ የለውም። ለሰላጣ የሚሆን ሩዝ በወንፊት ላይ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ቢታጠብ በደቂቃዎች ይወርዳል፤ ውኃው በደንብ መንጠፍጠፍ አለበት።

ክዳንን በተመለከተ ጽሑፉ ምንም አላለም፤ ብዙ ሩዝ የሚበላሸው ግን በእሱ ነው። ትኩስ ትሪ በፕላስቲክ ጥብቅ ተደርጎ ከተሸፈነ እንፋሎቱ መውጫ ያጣል፣ ጠብታ ሆኖ ወደ ሩዙ ይመለሳል፣ ማቀዝቀዙም ይቆማል። ከላይ የሚወድቅበት ነገር ከሌለ ክፍቱን ወይም አንድ ጥግ ተነሥቶ ይቀመጥ። 5 ዲግሪ መድረሱ ተለክቶ ቀንና ሰዓቱ ከተጻፈበት በኋላ ይከደን።